ድንች በልቶ የቆረበው ልጅ

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፤

እኔ የ26 ዓመት ሴት ነኝ። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ደብር የሰንበት ትምህርት ቤቱን ማዕከላውያን ክፍል አስተምራለሁ። ልጆቹ ከ13 እስከ 17 ዓመት የሚሆኑ፣ ቁጥራቸውም ከሠላሳ የማይበልጥ ነው።

በፍልሰታ ሁለተኛ ሳምንት ቅዳሴ ወጥቶ ዝናቡ እስኪያባራ ቤተ ልሔሙ ጥግ ተጠልለን ሳለ፣ የጎረቤታችን የ14 ዓመት ልጅ ጠጋ ብሎ «እትዬ፣ እኔ ጠዋት በልቼ ነበር» አለኝ። ከብት ሊያወጣ ሲነሣ ከምድጃው ዳር የተቀቀለ ድንች አገኘና ርቦት በላ። ቀን ቅዳሴ ገባ። የቁርባን ሰዓት ሲደርስ እናቱ ከኋላ ቆመው እያዩት ስለነበር ከሰልፉ መውጣት አፍሮ ቆረበ። «ለእማዬ እንዳትነግሪብኝ» ብሎ እንባው መጣ። እኔም የምለው ጠፋኝና «አይዞህ፣ ምንም አይደለም» አልኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጁ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት ብቅ ብሎ አያውቅም።

አሁን ደግሞ ከዘመን መለወጫ በኋላ ባለው እሑድ «እውነተኝነት በሃይማኖት» በሚል ርእስ ለልጆቹ አጭር ንግግር እንዳደርግ ታዝዣለሁ። ለሰብሳቢያችን የልጁን ስም ሳልጠራ ነገሩን ሳነሣለት «ጥሩ ምሳሌ ነው፣ ስሙን ሳትጠሪ ተናገሪው፤ የሐናንያንና የሰጲራንም ታሪክ ጨምሪበት፣ ይደንግጡ» አለኝ። እንቅልፍ አጣሁ። እኔ ራሴ «ምንም አይደለም» ብዬ የዋሸሁ ሰው ስለ እውነት ምን አፍ አለኝ? ለእናቱስ ልንገር? ምን ብዬ ላስተምር?

ግራ የገባኝ አስተማሪ
ከምሥራቅ ጎጃም

*

እህቴ፣

ከንግግሩ በፊት ልጁ ይቅደም። እሑድ ሳይደርስ ብቻውን ፈልጊው። እቤታቸው ሄደሽ አስጠርተሽ ሳይሆን፣ ከብት ሲመልስ ወይም ውኃ ሲቀዳ መንገድ ላይ አግኝተሽው ቢሆን ይሻላል። ያ ልጅ ወደ አንቺ የመጣው ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ስለገባው ነው። «ምንም አይደለም» ስትዪው ሸክሙን ከላዩ ያወረድሽለት መስሎሽ ነበር፤ እሱ ግን ሸክሙን እንደያዘ የሚሰማው ሰው አጣ። ጨክኜ አልፈረድኩብሽም፤ እያለቀሰ ያለ ልጅ ፊት ሰው የሚለው ይህንኑ ነው። ግን ይታረማል። እንዲህ በዪው፦ «ያን ዕለት ምንም አይደለም ያልኩህ ደንግጬ ነው። ነገሩ የንስሐ አባት የሚያየው ነው፣ የሚያልቅም ነው። ስምህን ለማንም አልተናገርኩም። ለሰብሳቢያችን ግን አንድ ልጅ እንዲህ ገጠመው ብዬ አንሥቼለታለሁ፤ ይህንንም ካንተ ልደብቅ አልፈለግሁም።» የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አትተዪው። ልጁ ከሌላ ሰው ከሰማው ሁለተኛ ለማንም አይናገርም።

ከዚያ ቀጥሎ የሚሆነውን አስረጂው፤ ልጆች የሚፈሩት የማያውቁትን ነውና። ወደ ንስሐ አባቱ ይሄዳል። የሆነውን እንደሆነ ይናገራል፤ መብላቱንም፣ አውቆ መቁረቡንም፣ የቆረበበትን ምክንያትም። ካህኑ እንደ ዕድሜውና እንደ አቅሙ ቀኖና ይሰጡታል፤ ስግደት ሊሆን ይችላል፣ ጸሎት ሊሆን ይችላል፣ ጾም ሊሆን ይችላል። ሲፈጽም ተመልሶ ይሄዳል፣ ይፈቱታል፣ ወደ ቁርባኑም ይመለሳል። መንገዱ ይኸው ነው። አንቺ ካህን ስላልሆንሽ ልታቀዪውም ልታከብጂውም አትችዪም፤ ማድረግ የምትችዪው እስከ ደጁ አብረሽው መሄድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ እንቅፋት አለ፤ አዋቂዎች ብዙ ጊዜ አናየውም። በእኛ አገር የንስሐ አባት የቤተሰብ ነው። የልጁን እናትና አባት የሚያናዝዙት፣ ጠበል ሊረጩ ቤት የሚመጡት፣ ለዝክር ከአባቱ ጎን የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው። የ14 ዓመት ልጅ እኚህን ሰው ሲያይ የሚታየው የአባቱ ወዳጅ ነው። «ነገ ቡና ላይ ቢያነሡትስ?» ይላል በልቡ። ስለዚህ በግልጽ ንገሪው፦ በንስሐ የሰማውን የሚያወጣ ካህን በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ከባድ በደለኛ ነው፣ ቅጣቱም ከክህነት እስከ መሻር ይደርሳል። ለእናት ቢሆንም ያው ነው። ያም ሆኖ አፉ አልፈታ ካለ፣ ሌላ ካህን የንስሐ አባት አድርጎ መያዝ ይቻላል፤ ብዙ ወጣቶች ያደርጉታል። ይህን በወጉ እንዴት እንደሚያደርገው ከደብሩ አገልጋዮች አንዱን ጠይቀሽ አገናኚው።

አሁን ወደ ንግግሩ።

የልጁን ታሪክ ስሙን ሳትጠሪም ቢሆን አታንሺው። ሠላሳ ልጆች አብረው በሚያድጉበት ሰፈር «አንድ ልጅ» የሚባል ሰው የለም። ድንቹን ዳቦ ብታደርጊው፣ ፍልሰታውን ሑዳዴ ብትዪው፣ ወንዱን ሴት ብታደርጊው እንኳ ባለቤቱ ያውቃል፤ ከፍልሰታ ወዲህ የቀረው ማን እንደሆነም ጓደኞቹ ያውቃሉ። ከሁሉም የሚከፋው ግን ሌሎቹ ልጆች የሚማሩት ነገር ነው፤ ለእትዬ የነገሩት ነገር አንድ እሑድ መድረክ ላይ እንደሚወጣ ይማራሉ። ስለ እውነት እያስተማርሽ እውነት የሚናገሩበትን በር ትዘጊያለሽ። ጌታም የበደለህን ወንድምህን አንተና እሱ ብቻ ሆናችሁ ንገረው ብሎ ነው ያስተማረን። ሰብሳቢውን በአክብሮት «ይህን አላደርገውም» በዪው።

የሐናንያንና የሰጲራንም ታሪክ ለዚህ ቀን አልመክርሽም። ታሪኩ ትልቅ ትምህርት አለበት፤ ጴጥሮስ ሐናንያን የጠየቀውን ልብ ብለሽ ካነበብሽው መሬቱም ገንዘቡም የራሱ ነበር፣ ማስቀረትም ይችል ነበር። የጠፋው ከፊሉን ስላስቀረ ሳይሆን ከፊሉን ሁሉ ነው ብሎ ስላቀረበ ነው። ግን የ13 ዓመት ልጅ ይህን ሁሉ አይሰማም። የሚሰማው «ዋሸ፣ ወድቆ ሞተ» የሚለውን ነው። ድንች በልቶ የቆረበ ልጅ ይህን ሲሰማ ከሁለት አንዱን ያስባል፤ ወይ እኔም እሞታለሁ ብሎ ሌሊቱን ይጨነቃል፣ ወይ ደግሞ አልሞትኩም፣ እንግዲያው ውሸት ነው ይላል። ሁለቱም ወደ ንስሐ አያደርሱትም።

እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ላይ እቆማለሁ። ከተማችሁ ድሮ መንቆረር ስትባል ኖራ በዚህ ወንጌላዊ ስም መጠራት ከጀመረች ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗታል፣ ልጆቹም በየቀኑ ስሙን ይጠሩታል። ነገር ግን ማርቆስ ምን እንደጻፈ፣ ከማን ሰምቶ እንደጻፈ ብትጠይቂያቸው ብዙዎቹ አያውቁትም። እንዲህ ብለሽ ብትጀምሪ ደስ ይለኛል፦

«ልጆች፣ ማርቆስ የጴጥሮስ ደቀ መዝሙር ነበር። ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ መጨረሻ ላይ ልጄ ብሎ ይጠራዋል። በ2ኛው መቶ ዓመት የነበሩ አባቶችም ማርቆስ ወንጌሉን የጻፈው ከጴጥሮስ የሰማውን ይዞ እንደሆነ መስክረዋል። እንግዲህ ጴጥሮስ አስተማሪ ነው፣ አለቃ ነው፣ የሐዋርያት አፈ ጉባኤ ነው። ተማሪው ወንጌል ሲጽፍለት ስለ ራሱ ምን የሚያስነግር ይመስላችኋል? ምዕራፍ 14ን እንይ።

«ሌሊት ነው። ብርድ ነው። ጴጥሮስ በሊቀ ካህናቱ ግቢ እሳት ይሞቃል። አንዲት ገረድ መጥታ አንተም ከእሱ ጋር ነበርክ አለችው። ሰይፍ አልያዘችም፣ ወታደር አልጠራችም። ጴጥሮስ ግን የምትናገሪው አልገባኝም አለ። ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ትንሽ ነው። አላውቀውም እንኳ አላለም፣ አልገባኝም ብቻ ነው ያለው። ከዚያ ከእሳቱ ተነሥቶ ወደ ደጁ ወጣ። የዋሸ ሰው አንድ ቦታ ላይ መቀመጥ ያቅተዋልና። ዶሮ ጮኸ፣ አልሰማውም። ገረዲቱ ደግማ ለቆሙት ነገረች፣ ደግሞ ካደ። ቆይቶ የቆሙት ራሳቸው የገሊላ ሰው ነህ ብለው ያዙት። አሁን ማለ፣ ራሱንም ረገመ፤ ሰውየውን አላውቀውም አለ። ዶሮው ሁለተኛ ጮኸ። ጴጥሮስ አለቀሰ።»

እዚህ ላይ ቆም በዪ። አትቸኩዪ። ሦስቱ እርምጃዎች ልጆቹ ራሳቸው የሚያውቋቸው ናቸው። «የቤት ሥራ ሠራህ?» ሲባል «የትኛውን?» ይላል፤ ቀጥሎ «ሠርቻለሁ» ይላል፤ ቀጥሎ «ማርያምን ሠርቻለሁ!» ይላል። መሐላ የሚመጣው ቃል ብቻውን መቆም ሲያቅተው ነው። ልጆቻችን ኳስ ሜዳ ላይ፣ ክፍል ውስጥ፣ ገበያ መንገድ ላይ «ማርያምን!» «ማርቆስን!» የሚሉትን ያለ ቁጣ አንሺላቸው። «ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ስንት ጊዜ ማላችሁ?» ብለሽ ጠይቂና መልስ አትጠብቂ። ይስቃሉ፤ ቢስቁም ይገባቸዋል። ከዚያ ቀጥዪ፦

«አሁን ዋናውን ስሙኝ። ማርቆስ በዚያ ግቢ እሳት ዳር አልተቀመጠም። ጴጥሮስ ይህን ታሪክ ደብቆ መኖር ይችል ነበር። ለተማሪዎቹ ግን እንዲህ አደረግሁ ብሎ ተናገረ። በብርድ የሞቀውን እሳት፣ የጠየቀችውን ገረድ፣ ዶሮው ሁለት ጊዜ መጮኹን ሳይቀር። ከአራቱ ወንጌላት ዶሮው ሁለት ጊዜ መጮኹን የሚነግረን ማርቆስ ብቻ ነው። ማርቆስ ብቻ የጻፈው ሌላም ነገር አለ። ምዕራፍ 16 ላይ መልአኩ ወደ መቃብሩ የመጡትን ሴቶች ሂዱና ለደቀ መዛሙርቱ ንገሩ ሲላቸው ለጴጥሮስም ብሎ በስሙ ይጠራዋል። የካደው ሰው ተጠርቷል። በስሙ።»

ንግግርሽ እስከዚህ 10 ደቂቃ ቢወስድ ነው። ይበቃል። ታሪኩን ከዚህ በላይ ብታስረዝሚው ልጆቹ ወደ ውጭ ማየት ይጀምራሉ። በነገራችን ላይ፣ እሑድ ከሌሊት ጀምረው ቆመው ያስቀደሱ ልጆችን በባዶ ሆዳቸው አትሰብስቢያቸው፤ ቁራሽ ዳቦና ውኃ ቀድሞ ይድረሳቸው።

ለመዝጊያው የቀረው አንድ ጥያቄ ነው፤ እውነት ለእምነት ለምን ያስፈልጋል? «እግዚአብሔር ውሸት ስለሚጠላ» ብለሽ ብትዘጊው እውነት ነው፣ ነገር ግን ልጆቹ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሰምተውታል። ጎጃም ስለሆንሽ ከቅኔ ቤት ብትጀምሪ ይሻላል። ጀማሪ የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ይቆጥርና ለመምህሩ ይነግራል። ቤቱ ይሰበራል፣ ዜማው ይጎድላል፣ ምሥጢሩ አይገጥምም፤ መምህሩ ያርሙታል፣ በሚቀጥለው ቀን የተሻለ ይዞ ይመጣል። የሌላ ተማሪ ቅኔ ሰርቆ ያማረ የነገረ ተማሪስ? መምህሩ ያረሙት የጓደኛውን ቅኔ ነው፤ እሱ እንዳለ ቀረ። ንስሐም እንዲሁ ነው በዪያቸው። ካህኑ ቀኖና የሚሰጡት ለነገርናቸው ነገር ነው። የሌለ ሰው ይዘን ብንሄድ የሌለው ሰው ይፈታል፣ እኛ ግን እንደታሰርን ወደ ቤታችን እንመለሳለን።

አሁን የምነግርሽ ለልጆቹ ሳይሆን ለአንቺና ለሰብሳቢው ነው፤ ከንግግሩ ይልቅ የሚያሳስበኝም ይሄ ነው። ያ ልጅ የዋሸው ከሰልፉ ቢወጣ የሚጠብቀውን ስለሚያውቅ ነው። በየደብሩ ቅጽር ግቢ ቅዳሴ ሲያልቅ «ለምን አልቆረብክም?» የሚል ሰው አይጠፋም። እናት ትጠይቃለች፣ አክስት ትጠይቃለች፣ ጓደኛ ይጠይቃል። ልጁ «በልቼ ነው» ካለ ይሰደባል። የ14 ዓመት ልጃገረድ ደግሞ በወር አበባዋ ምክንያት ውጭ ቆማ ስታስቀድስ «ዛሬ ምነው አልገባሽም?» ትባላለች፤ ያላት ምርጫ በሰው ፊት ማፈር ወይም መዋሸት ነው፤ ብዙዎቹ «አሞኝ ነው» ይላሉ። ሐዋርያው ጳውሎስ ሰው ራሱን መርምሮ ይቅረብ ሲል እያንዳንዱ ራሱን እንዲመረምር ነው፤ ጎረቤቱን እንዲመረምር አላለም። ስለዚህ በክፍልሽ አንድ ደንብ አውጪ፦ ማንም ማንንም ለምን አልቆረብክም፣ ለምን አልገባሽም ብሎ አይጠይቅም። መምህራኑም ጭምር። ለወላጆች በሚደረገው ስብሰባ ላይ ሰብሳቢው ይህንኑ ይንገር። ለልጆቹም እንዲህ በዪ፦ ሳታስቡት ከበላችሁ፣ ወይም ርቧችሁ ከበላችሁ፣ ያን ቀን አትቁረቡ። ቅዳሴውን እስከ መጨረሻው አስቀድሱ። ጠበል ጠጡ። ለቁርባን የሚያስፈልገው 18 ሰዓት መጾም ነው፤ ያልጾመ ሌላ ቀን ይደርሰዋል። ከሰልፍ መውጣት ውርደት እንዳልሆነ አንድ ትልቅ ሰው በግልጽ ሲነግራቸው ከሰሙ፣ በሚመጣው ፍልሰታ የሚዋሹት ቁጥር ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ።

ንግግሩን ስትጨርሺ «የዋሸ እጁን ያውጣ» አይባልም፤ በሰው ፊት የሚደረግ ኑዛዜ ለጎበዝ ተናጋሪ ያስጨበጭባል፣ የከበደበት ግን ዝም ይላል። ይልቅ ከደብሩ ካህናት አንዱን፣ ልጆች የማይፈሩትን፣ አስቀድመሽ ለምኚና ያን ቀን ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጡ። «አባ እዚያ አሉ፣ ማናገር የፈለገ ይሂድ፣ ምን አልክ ብሎ የሚጠይቀውም የለም» በዪና ወደ መዝሙር እለፉ። መጀመሪያ ላይ ማንም ላይሄድ ይችላል። አባ በሚቀጥለውም እሑድ ይቀመጡ።

አንድ ጥያቄ ሊነሣ እንደሚችል ልንገርሽ፤ ተዘጋጂበት። ከትልልቆቹ አንዱ «ፈተና ኮርጄ ካለፍኩ በኋላ ስለቴን ባስገባስ?» ብሎ ይጠይቅሻል። የሚያስቅ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2008 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ተሰርቆ በመውጣቱ ሲሰረዝ፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮም ስርቆቱንና ኩረጃውን ለመከላከል ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲፈተኑ እነዚህ ልጆች ወይ ታላቆቻቸው አይተውታል። ጧፍና ጥላ ተስለው የገቡ ብዙ ናቸው። መልሱ ይህ ነው፦ ስለት የተቀበልነውን ስጦታ ማመስገኛ ነው፤ የሰረቅነውን ግን እግዚአብሔር ሰጠኝ ማለት እሱን የስርቆት ተባባሪ ማድረግ ነው። ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል ገባ። የፈተና ነጥብ መመለስ ባይቻልም ልጁ ለንስሐ አባቱ መናገር፣ ለሌላው መልስ ማቀበል ማቆም፣ ደከም ላለ ታናሹም ጊዜ ሰጥቶ ማስጠናት ይችላል። ጥላውንስ? ጥላውን ያስገባ፣ ነገር ግን ከንስሐው በኋላ ያስገባ።

ለእናቱ አትንገሪ። የልጁ ነው፣ መናገር ከፈለገ እሱ ይናገራል። ምናልባት እሳቸው ራሳቸው «ልጄ ምነው ሰንበት ትምህርት ቤት ቀረ? አንቺ ታውቂያለሽ?» ብለው ይጠይቁሽ ይሆናል። «አላውቅም» አትበዪያቸው። «እማማ፣ የሚያሳስበው ነገር አለ፣ እኔ መናገር አልችልም፤ አይቆጡት፣ እሱን ቀስ ብለው ይጠይቁት» በዪያቸው። ይህን ያህል መናገር ምሥጢር ማውጣት አይደለም። እናትየዋም ልጃቸው ሊያነጋግረው የሚችል ሰው እንዳለው ያውቃሉ።